የሐምሌና የነሐሴ የዓመት ፈቃድ ተራ እንዴት እንደወጣ

ግንቦት 6
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል ሠራተኞች በሙሉ

የሁለቱ ወራት የፈቃድ ዝርዝር ትናንት ጠዋት ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች ቢሮዬ መጥተው «ይህ በምን ተሠራ?» ብለውኛል። ሌሎቻችሁ እኔን ሳይሆን እርስ በርስ እንደተጠያየቃችሁም ሰምቻለሁ። ልክ ናችሁ። ስም ብቻ ለጥፎ ምክንያቱን ዝም ማለት ለሐሜት በር መክፈት ነው። ከዝርዝሩ ጋር መውጣት የነበረበት ማብራሪያ አንድ ቀን ዘግይቶ ይኸው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ከእኔ ሌላ 14 ናችሁ። በጠዋቱ ፈረቃ 5፣ በማታው 5 ሰው ከሌለ መስኮቱና ስልኩ አይሸፈኑም። ከሚቀሩት 4 ሰዎች አንዱን ድንገት ለታመመ ወይም ለቀረ መተኪያ እንይዛለን። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ፈቃድ መውጣት የሚችሉት 3 ሰዎች ናቸው። ሁለቱን ወራት 15፣ 15 ቀን አድርገን በአራት ዙር ስንከፍላቸው 12 ቦታ ይወጣል። የጠየቃችሁት 11 ናችሁ። በወረቀት ሲታይ ይተርፋል እንጂ አይጎድልም። ግን ከ11ዱ 7ታችሁ የጠየቃችሁት አንድ ዙር ነው፦ ከሐምሌ 1 እስከ 15። ሦስት ቦታ ለሰባት ሰው።

አምና ይህን የፈታነው «ቀድሞ የጠየቀ ይወስዳል» ብለን ነበር። ቅጹን አንድ ሰኞ ጠዋት አወጣሁት። የማታ ፈረቃ ሠራተኞች ሲገቡ የሐምሌ መጀመሪያ አልቆ ነበር። ማንም አላጭበረበረም፤ ወረፋው ራሱ ለጠዋት ፈረቃ ያደላ ነበር። ያን ያደረግኩት እኔ ነኝ። የዘንድሮውን አሠራር የለወጥኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዘንድሮ ሌላ መንገድ ስፈልግ ዕጣም አስቤ ነበር። ዕጣ አያዳላም፣ ግን አያስታውስም። አምናም ዘንድሮም ለአንድ ሰው ሊወጣ ይችላል፣ ያጣው ደግሞ እንደገና ሊያጣ ይችላል። «ለማን ይበልጥ ያስፈልጋል?» የሚለው ጥያቄም ተነስቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር እሱ ነው ያስፈራኝ። የአንዱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የሌላው እናት ስትታመም፣ የሦስተኛው ደግሞ ዝም ብሎ ማረፍ ሲፈልግ፣ የማንኛችሁ ጉዳይ ይበልጣል ብዬ ልፍረድ? ከዚያም የቤቱን ችግር በደንብ የተናገረ ያገኛል፣ የቤቱን ነገር ቢሮ ማውራት የማይወድ ይቀራል። ይህን መዳኘት የእኔ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ የያዝነው መንገድ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። መጀመሪያ፦ አምና በእነዚህ ሁለት ወራት የመጀመሪያ ምርጫህን አግኝተሃል? ያላገኘ ይቀድማል። ቀጥሎ፦ ያላገኙት ከቦታው ከበዙ በአገልግሎት ዘመን የሚበልጠው ይቀድማል። ከዚህ ሌላ የታየ ነገር የለም። የሥራ አፈጻጸም ውጤት፣ የሥራ መደብ፣ ከእኔ ጋር ያለ ቅርበት፣ አንዳቸውም አልገቡበትም።

በሰባቱ ላይ ሲሠራ ይህን ይመስላል። ስም አልጠራም፤ ዓመቱን ስጽፍ ግን ማን ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አምና ምርጫቸውን ያገኙት ሦስት ናቸው፤ የ12፣ የ7 እና የ3 ዓመት ባልደረቦቻችን። ያላገኙት አራት ናቸው፤ የ9፣ የ6፣ የ4 እና የ2 ዓመት። ቦታው 3 ስለሆነ የ9፣ የ6 እና የ4 ዓመቶቹ ወሰዱት። የ2 ዓመቱ ወደ ሁለተኛው ዙር ሲሄዱ አምና ካገኙት ቀድመው ገቡ። የ12 ዓመቱም እዚያው ሦስተኛዋን ቦታ ያዙ። የ7 ዓመቱ ለሦስተኛው ዙር፣ የ3 ዓመቱ ለአራተኛው ደረሳቸው። የቀሩት አራት ጠያቂዎች ግፊያ የሌለበትን ዙር ስለመረጡ ሁሉም የጠየቁትን አግኝተዋል።

«12 ዓመት ሠርቼ 4 ዓመት ከሠራ ሰው ኋላ?» የሚለው ቅሬታ ገብቶኛል። የሰው ዕድሜ የፈሰሰበት አገልግሎት ቀላል ነገር አይደለም። ግን አገልግሎት ብቻውን ቢቆጠር ሐምሌ መጀመሪያ በየዓመቱ የእነዚያው ሦስት ሰዎች ይሆናል። ከታች ያለው ሰው ተራው የሚደርሰው አንዱ ጡረታ ሲወጣ ነው። ያን ዓይነት ወረፋ ወረፋ አልለውም።

በጣም ያከራከረን የ6 ዓመቱ ባልደረባችን ጉዳይ ነው። ከስድስቱ 5ቱን የሠሩት መጋዘን ሲሆን ወደ እኛ ክፍል ከመጡ ገና 1 ዓመታቸው ነው። እዚህ ክፍል የቆዩበት ብቻ ቢቆጠር ኖሮ የ2 ዓመቱ ባልደረባችን ይቀድሟቸው ነበር። የ2 ዓመቱም ይህንኑ ትናንት በአክብሮት ነግረውኛል፣ ነጥባቸውም ባዶ አይደለም። እኔ ግን የቆጠርኩት ድርጅቱ ውስጥ ከተቀጠሩበት ቀን ነው። ከመጋዘን የመጡት እኛ ሰው ስላነሰን ተጠይቀው እንጂ በራሳቸው ጥያቄ አልነበረም። ክፍል መቀየር የሰውን አገልግሎት ወደ ዜሮ የሚመልስ ከሆነ ነገ «እስቲ እዚያ ክፍል አግዙ» ስንል እሺ የሚል አናገኝም። በዚህ ላይ አሁንም የማይስማማ ካለ ልሰማው ዝግጁ ነኝ፣ ለዘንድሮ ግን ውሳኔው ይህ ነው።

ለ2 ዓመቱ ባልደረባችንና ምርጫቸውን ላጡት ሁሉ፦ ዘንድሮ ማጣታችሁ ተመዝግቧል። በሚቀጥለው ዓመት ከፊት ረድፍ ናችሁ። መዝገቡን ከእንግዲህ ከዝርዝሩ ጎን እለጥፈዋለሁ፣ እኔ ብቀየር እንኳ አይጠፋም። የወሊድ ወይም የሕመም ፈቃድ እንደተወሰደ ተራ አይቆጠርም፣ ከአገልግሎት ዘመንም አይቀነስም። ሐዘንና ድንገተኛ ሕመም ደግሞ በዚህ ወረፋ አያልፉም፤ በዚያን ሰዓት ስልክ መደወል ይበቃል።

መቀያየር ይቻላል። ሁለታችሁ ተስማምታችሁ በጽሑፍ ፈርማችሁ እስከ ሰኔ 10 አምጡልኝ። አንድ ነገር ብቻ አስቡበት፦ መዝገቡ ላይ የሚገባው በመጨረሻ የወጣችሁበት ዙር ነው። ተቀያይራችሁ የሐምሌ መጀመሪያን ካገኛችሁ ምርጫችሁን እንዳገኛችሁ ይቆጠራል። ይህን ያስገባሁት ተራ እየተገዛና እየተሸጠ እንዳይሄድ ነው፤ ፈገግ ብላችሁ ይሆናል፣ ግን አምና «ምሳ እጋብዝሃለሁ፣ ስጠኝ» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔ አምና በሐምሌ ስለወጣሁ ዘንድሮ በሁለቱም ወራት ሥራ ላይ ነኝ።

የቅጥር ቀናችሁ ወይም የአምናው መዝገብ ተሳስቶ ካያችሁ እስከ ግንቦት 20 ንገሩኝ፤ ማኅደር አውጥተን አብረን እናያለን። የማታ ፈረቃ የሆናችሁ ሐሙስና ዓርብ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቢሮ እቆያለሁ። ከነሐሴ 16 እስከ 30 ባለው ዙር አሁንም አንድ ቦታ ክፍት ነው። ካልጠየቁት 3 ሰዎች የሚፈልግ ካለ እስከዚያው ግንቦት 20 ቅጹን ይሙላ፤ ከአንድ በላይ ከመጣችሁ የምንለየው በእነዚያው ሁለት ጥያቄዎች ነው።

የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ