ሃምሳ አምስት ብልት

ለፋሲካ ዶሮ ወጥ እንድሠራ ሰው ቤት ተቀጥሬ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ ለሌሊት 15 ሰው፣ ለቀን 40 ሰው፣ ድምር 55። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል። 5 ዶሮ 60 ብልት። አምስት ይተርፋል። የጾሙም ቀን 55፣ ሰዉም 55፣ ገጠመ ብዬ ኮራ ብዬ ነበር።

የቤቱ እመቤት እትዬ ሙሉ የሚያጉረመርሙት በሽንኩርቱ ነበር። ከሾላ 10 ኪሎ ሳስመጣ «ልጄ፣ ሠርግ ነው እንዴ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዶሮ ወጥን የሚያቆመው ሽንኩርት ነው፤ ዶሮው እንግዳ ነው።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ቁሌቱን ሳማስል ዋልኩ። ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ እስኪከስም፣ በርበሬው ገብቶ ጥሬ ሽታው እስኪለቅ፣ ከዚያ ቅቤው። የፋሲካ ወጥ ሲሠራ የሚከብደው አለመቅመሱ ነው። ጾም ነውና ጨዉን የማውቀው በአፍንጫዬ ነው። ሰው ይስቅብኛል፤ ግን ጨው የጎደለው ወጥ ሽታው ይታወቃል።

ሌሊት 9 ሰዓት አልፎ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ነጠላቸው ላይ ገና ዕጣን ዕጣን ይሸታል። ትሪው ቀረበ። እኔ በር ላይ ቆሜ እንጀራ አቀብላለሁ። አንዱ ጎረምሳ ታፋውን ጨረሰና መላላጫ አነሳ። ቀጥሎ እህቱ። ቀጥሎ አጎታቸው።

ያኔ ነው ወለል ያለልኝ። ለሰው አንድ ብልት ብዬ ነው ያሰላሁት! ከ55 ቀን ጾም በኋላ ማን ነው በአንድ ብልት የሚነሳው? ደግሞስ እነዚህ 15ቱ ቀን ምሳ አይበሉም?

ሲተኙ ድስቱን ከፍቼ በጭልፋ ቆጠርኩ። 30 ብልት ቀርቷል። ግማሹ ክንፍና አንገት ነው፤ እሱን ደግሞ ለእንግዳ አታቀርብም። ረዳቴ ትዕግስት ፊቴን አይታ «ምነው እቴቴ?» አለችኝ።

«ዶሮ አነሰን።»

«ጠዋት እንግዛ?»

«በፋሲካ ጠዋት ማን ሱቅ ከፍቶ ይጠብቅሻል? ቢገኝስ መቼ ተገንጥሎ፣ መቼ ታጥቦ?»

ጾሙ ተፈቷል፣ እኔ ግን ጉሮሮዬ ተዘግቶ አንድ ጉርሻ አልወርድ አለኝ። ድስቶቹን ዞሬ አየሁ። የተቀቀለ እንቁላል 40 አለ። አይብ አለ። ያ እትዬ ሙሉ የተቆጡበት ቁሌት ደግሞ አንድ ትልቅ ድስት ሙሉ ተርፏል።

«ትዕግስት፣ እጅሽን ታጠቢ።»

ክንፉን፣ አንገቱን ሁሉ አውጥተን ሥጋውን ከአጥንቱ ፈለቀቅን። አንገት ጥቂት ነው ያለው፣ ግን በጣት ከጎረጎሩት ይሰጣል። ትዕግስት ከአንዲት ክንፍ ጋር እንደ መርፌ ሥራ ትታገላለች። የተፈለቀቀውን ወደ ቁሌቱ መልሼ፣ የትናንት እንጀራ ቆርሼ በዚያ ፈተፈትኩት። ቅቤ ጨመርኩበት። የዶሮ ፍትፍት!

ጠዋት የቅርጫው ሥጋ ደረሰ። «እትዬ፣ ከቀዩ ሥጋ ሦስት ኪሎ ይስጡኝ» አልኩ።

«ለምን? ለቀን ጥብስ ነው ያልነው።»

«ጥብሱ አይቀርም። ምንቸት አብሽ ልጨምርልዎ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ሃያ ዓመት ቤት የመሩ ሴት ናቸው፤ የጎደለው እንደገባቸው አውቃለሁ። ምንም ሳይሉ ቢላዋውን አቀበሉኝ። ሥጋውን አድቅቄ ከትፌ፣ ከቁሌቱ ቀንሼ፣ አብሽ ጣል አድርጌበት አንተከተክሁት።

እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ሞላ። ደህና ደህናውን 15 ብልት ለትልልቆቹ አደረግሁ፤ ፈረሰኛ አንድ ነበር የቀረው፣ እሱን ለእትዬ ሙሉ አባት። ለሌላው ፍትፍቱን መሀል ላይ ከምሬ፣ ዙሪያውን እንቁላልና አይብ አሰለፍኩ። ምንቸት አብሹ በጎን። ማንም «ዶሮው የት አለ?» አላለም። እንዲያውም ልጆቹ በፍትፍቱ ተጣሉ። ሽማግሌው ፈረሰኛቸውን ለልጅ ልጃቸው አጎረሱና «ከዚያ ከሚጣሉበት ነገር ለኔም አምጪልኝ» አሉ።

እንግዶቹ ሲወጡ እትዬ ሙሉ ጓዳ ገቡ። ሒሳቤን ቆጥረው ሰጡኝና በር ላይ ዞር አሉ።

«ለከርሞም ያንን ፍትፍት ትሠሪልናለሽ።»

«እሺ እትዬ።»

«ዶሮ ግን 8 እናድርገው።»

ከሰዓት 10 ሰዓት ሆኖ ነበር። ድስቱ ውስጥ ስንፈለቅቅ ያመለጠችን አንድ አንገት ቀርታለች። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጾሜን በሷ ፈታሁ። ጨው ትንሽ በዝቶበታል።