አስቸኳይ፦ አጭበርባሪ የሚመስል ኢሜይል ደርሶናል፣ አንድ ሰው የይለፍ ቃል አስገብቶበታል

ሰላም የቴክኒክ ክፍሎች፣

ዛሬ ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2018 (ኦክቶበር 21 ቀን 2025) ወደ ክፍል ማስያዣ ኢሜይላችን አንድ አጠራጣሪ መልእክት ገብቷል። እንግዳ መቀበያ ያለችው ባልደረባችን ሊንኩን ከፍታ የይለፍ ቃሏን አስገብታለች። ስለዚህ እባካችሁ ለነገ አታሳድሩት።

የደረሰው ከጠዋቱ 3:12 ነው። ኮምፒውተሩ 9:12 AM ይላል፣ ሰርቨሩ በዩቲሲ ከመዘገበው 06:12 ይሆናል። ባለፈው በሰዓት አቆጣጠር ተደነጋግረን ግማሽ ቀን ስለባከነ ነው ሦስቱንም የጻፍኩት።

የላኪው ስም «የኢሜይል ድጋፍ» ይላል። አድራሻውና ሊንኩ እነሆ፤ ማንም በስህተት እንዳይነካው ቆራርጬዋለሁ፦

```
support@webrnail-update[.]com
hxxps://webrnail-update[.]com/login
```

ልብ ብላችሁ እዩት፤ `m` ሳይሆን `r` እና `n` ተጠጋግተው ነው። እኔም መነጽሬን አድርጌ ነው የለየሁት።

ጽሑፉ «የመልእክት ሳጥንዎ ሞልቷል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጡ ይዘጋል» ይላል። የሚገርመው ሳጥናችን ባለፈው ሳምንት እውነትም ሞልቶ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ፣ ክፍልና የዘጌ ጀልባ ጠያቂ በበዛበት ሰሞን ይዘጋል ሲባል ማን አይደነግጥም? እሷን አትቆጧት። ቶሎ መናገሯ ነው የጠቀመን።

3:20 ገደማ ከመቀበያው ኮምፒውተር (ዊንዶውስ፣ ክሮም) ከፈተችው። የይለፍ ቃሉን ሁለቴ ጠይቋት ወደ ትክክለኛው መግቢያ ገጽ መለሳት። ያወረደችው ፋይል የለም። በስልክ ኮድ የማረጋገጡ ነገር በዚህ አካውንት ላይ አልተከፈተም ነበር። 3:40 ላይ ነገረችኝ፤ 3:48 ላይ ከእኔ ኮምፒውተር ቃሉን ቀየርን። ያንኑ ቃል ለክፍል ማስያዣ ድረ ገጹም ትጠቀምበት ስለነበር እሱንም ቀይረናል። የመቀበያውን ኮምፒውተር ከዋይፋይ አላቀቅኩት እንጂ አላጠፋሁትም።

ከእናንተ የምንፈልገው፣ መጀመሪያ ክፍት የቀሩ መግቢያዎችን በሙሉ ዝጉልን፤ ቃሉ ቢቀየርም ቀድሞ የገባ ሰው ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ቀጥሎ መልእክቶቻችንን በስውር ወደ ውጭ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ ተጨምሮ እንደሆነ እዩ። የእንግዶች የፓስፖርት ቅጂ እዚያ ሳጥን ውስጥ አለ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ላኪውን አግዱና ለሌላ ለማን እንደደረሰ ፈልጉ። ሂሳብ ክፍልም ደርሷቸዋል፣ ግን አልከፈቱትም።

ዋናውን መልእክት በ`.eml` ፋይል አያይዣለሁ። ፎርዋርድ ያላደረግኩት ከየትኛው ሰርቨር እንደመጣ የሚያሳየው ክፍል እንዳይጠፋ ነው። የስክሪኑ ፎቶም አብሮ አለ።

እስከ 11 ሰዓት ቢሮ ነኝ። በቢሮው ስልክ ደውሉልኝ። ወደ ክፍል ማስያዣው ኢሜይል ግን ምንም አትጻፉ፣ ሌላ ሰው እያነበበው ሊሆን ይችላል።

ከክፍል ማስያዣ ኃላፊ፣ ባሕር ዳር