ለገሀር፣ 1963 ዓ.ም.፦ የቤተሰብ ፎቶ መግለጫ

የፋይሉ ስም legehar_1963.jpg ነው። ፋይሉ ቢጠፋ ይህ ጽሑፍ ይተካው።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው፤ ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል። ግራና ቀኝ የምለው ከተመልካቹ በኩል ነው።

የላይኛውን ግማሽ የያዘው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ነው። ዘውዱ የፎቶውን ጠርዝ ሊነካ ምንም አልቀረው። ከኋላው የባቡር ጣቢያው ሕንፃ ደብዝዞ ይታያል።

ከሐውልቱ ሥር ሦስት ሰዎች ቆመዋል። በግራ ወንድ አያቴ ናቸው፤ ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። የሚያዩት ከፎቶው ውጭ ወደ ግራ ነው።

መሀል እናቴ ናት፣ የስድስት ዓመት ልጅ። ፀጉሯ ሹሩባ ነው። ነጭ ካልሲ አድርጋለች፤ አንደኛው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወርዷል። ካሜራውን የምታየው እሷ ብቻ ናት። እናቴ «እየሳቅኩ ነበር» ትላለች፤ ፎቶው ላይ ግን ከንፈሯ ግጥም ብሏል። የምጽፈው የሚታየውን ነው።

በቀኝ ሴት አያቴ ናቸው፣ ሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ለብሰዋል። እጃቸው የልጅቷ ትከሻ ላይ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ዝም ብሎ የተጣለ እጅ አይደለም። አውራ ጣታቸው የቀሚሷ አንገትጌ ውስጥ ገብቷል፣ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ይዘውታል። የተጣጠፈውን አንገትጌ እያቃኑላት ነው። ፊታቸውም ወደዚያው አዘንብሏል፤ ለእኔ የፎቶው ልብ ይሄ ነው።

ብርሃኑ ከግራ ይመጣል፤ የሦስቱም ጥላ ወደ ቀኝ ወድቋል። ከቀኝ ላይኛው ማዕዘን እስከ ሴት አያቴ ትከሻ የመታጠፍ መስመር አለ፤ ፊት አልነካም። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለገሀር፣ 1963» ተብሎ ተጽፏል።