የአባባና የእማማ የቅዳሜና እሁድ ጉዞ

እህት ወንድሞቼ፣ ሐይቁ ዳር የምናድርበትን ዕቅድ ጨርሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ሄጄ መንገዱን በእግሬ አየሁት። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውሃው 300 ሜትር ያህል ነው። እኔን 4 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ለእነሱ ከነዕረፍቱ 25 ደቂቃ ይዣለሁ። ማንም እንዳያጣድፋቸው አደራ።

በመንገዱ ላይ መቀመጫ ያለው ሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ጥላ ሥር ነው፣ መደገፊያም አለው። ሁለተኛው ዝቅ ያለ ድንጋይ ስለሆነ እንደሌለ ቁጠሩት፤ እማማ ቢቀመጡበት እንኳ ጉልበታቸው አያስነሳቸውም። እዚያ ጋ የምንዘረጋቸው ሁለት ታጣፊ ወንበሮች ገዝቻለሁ። ከፍታቸው 45 ሴንቲሜትር ነው፣ የእጅ መደገፊያም አላቸው፤ ሲነሱ በእጃቸው ገፋ ማለት ይችላሉ። ተሸካሚው ትንሹ ወንድማችን ነው፤ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ይሂድ፣ ሲደርሱ ወንበሩ ተዘርግቶ ይጠብቃቸው።

አባባ ደከመኝ አይሉም። ይቆሙና ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዛፍ ዛፉን ማየት ይጀምራሉ። ያኔ «ደከመዎት?» አትበሏቸው፤ ወንበሩን አቅርባችሁ አብራችኋቸው ተቀመጡ።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እንነሳለን። መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆንም በየሰዓቱ እንቆማለን፤ ብዙ መቀመጥም እግራቸውን ያሳብጠዋል። ከመኪና ሲወርዱ እግራቸውን ወደ ውጭ አውጥተው አንድ ደቂቃ ያህል ይቀመጡ፣ ከዚያ ይነሱ። ድንገት ሲነሱ ግፊታቸው ወርዶ ያዞራቸዋል። የእማማ መድኃኒት ሽንት ስለሚያመላልሳቸው መንገድ ላይ ውሃ መጠጣት ይተዋሉ፤ ይህ ደግሞ ማዞሩን ያባብሰዋል። የምንቆምባቸውን ቦታዎች የመረጥኩት መጸዳጃ ቤታቸውን አይቼ ነው። «ሁሉም ቦታ መጸዳጃ አለ» ብላችሁ ንገሯቸው፣ በነፃነት ይጠጡ።

ማረፊያውን በስልክ ስይዝ ደረጃ የለውም ብለውኝ ነበር። ሄጄ ሳየው በሩ ላይ ሁለት ደረጃ አገኘሁ! አስቀይሬዋለሁ፤ አሁን የያዝነው ምድር ቤት ነው፣ መታጠቢያውም ከአልጋው አምስት እርምጃ ነው። ሌሊት የመታጠቢያው መብራት አይጥፋ።

ከሰዓት በኋላ ምንም አልያዝኩም። ከምሳ በኋላ ይተኛሉ፤ 10 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲበርድ ውሃው ዳር ወርደን እንቀመጣለን። እሁድ ጀልባ ይኑር ያላችሁትን ሰርዤዋለሁ። መሳፈሪያውን አየሁት፣ ወለሉ ይወዛወዛል፣ የሚያዝ ነገርም የለውም። ወፎቹ ከዳርም ይታያሉ።

ከውሃው ስንመለስ መንገዱ ዳገት ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ተውሻለሁ። አባባን አስቀድሜ ጠይቄያቸው «ለመመለሻ ከሆነ ይሁን» ብለውኛል። ከእሳቸው ቀድሞ ስለ ወንበሩ የሚያነሳ እንዳይኖር።

ታላቅ እህቴ፣ የሁለቱንም መድኃኒት የሁለት ቀን ሳይሆን የአራት ቀን ያዢ፤ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳሽ ይሁን። የእማማን ለስላሳ ትራስ እኔ እይዛለሁ።