የሰርቨር ክፍል ዩፒኤስ አቅምና የባትሪ ቆይታ ስሌት

ለቴክኒክ ግምገማ ኮሚቴ የቀረበ

ይህ ስሌት በአዲስ አበባ የሚገኘው የብድርና ቁጠባ ማኅበራችን ዋና መሥሪያ ቤት በምድር ቤቱ ላለው ሰርቨር ክፍል የሚገዛውን ዩፒኤስና ባትሪ ይወስናል። ስሌቱ እንደገና የተሠራው ከአቅራቢዎች አንዱ ለ16 ባትሪዎች ሁለት ረድፍ 76 ደቂቃ ቆይታ ቃል ስለገባ፣ ይህ ቁጥር ግን ባትሪው ላይ የተጻፈውን አምፔር-ሰዓት በቮልት በማባዛት ብቻ የተገኘ መሆኑን ስላረጋገጥን ነው። ተመሳሳይ ባትሪዎች በትክክለኛው መንገድ ሲሰሉ አዲስ ሳሉ 48 ደቂቃ፣ አርጅተው ሊቀየሩ ሲደርሱ ደግሞ በብርድ ሌሊት 33 ደቂቃ ብቻ እንደሚሰጡ ከታች ይታያል።

የሚፈለገው ቆይታ

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ በራሱ ይነሣል፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካልተነሣ ሁለት ደቂቃ ገደማ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ተረኛው ቴክኒሺያን ወርዶ በእጅ ለማስነሣት፣ ነዳጁንና የማስነሻ ባትሪውን ለማየት 16 ደቂቃ ተሰጥቶታል። ይህም ካልተሳካ ሰርቨሮቹን በሥርዓት መዝጋት ይጀመራል፤ ዳታቤዙ የሚገኝበት ሰርቨር ቀድሞ፣ የመረጃ ማከማቻው መጨረሻ ላይ ሲዘጋ በተግባር የተለካው ጊዜ 9 ደቂቃ ነው። ድምሩ 27 ደቂቃ ስለሆነ የስሌቱ መነሻ 30 ደቂቃ ሆኗል። የአንድ ሰዓት ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ይሁን እንጂ ረጅሙን መቋረጥ የሚሸከመው ጄኔሬተሩ ነው፣ በባትሪ ላይ የሚጨመረው ገንዘብም ለጄኔሬተሩ ጥገና ቢውል የተሻለ ይሠራል።

ጭነቱ

ጭነቱ የተወሰደው ከመሣሪያዎቹ መለያ ሳህን ሳይሆን ከልኬት ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር ባለ 750 ዋት ሁለት የኃይል አቅርቦቶች አሉት፤ እነዚህ ቢደመሩ ሦስቱ ሰርቨሮች ብቻ 4,500 ዋት ይበላሉ ማለት ነው፣ ነገር ግን ሁለተኛው አቅርቦት የመጀመሪያው ሲበላሽ እንዲተካ የተቀመጠ ነው እንጂ ተጨማሪ ጭነት አይደለም። ልኬቱ የተደረገው ከጥር 20 እስከ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ የደመወዝ ተቀናሽ የሚሠራበትና ክፍሉ በዓመቱ ከሚበዛበት ሥራ ጋር የሚቀራረብ ሳምንት ስለሆነ ሆን ተብሎ ተመርጧል። ከዚህ በታች ያሉት በሳምንቱ የታዩ ከፍተኛ ንባቦች ናቸው።

| መሣሪያ | ብዛት | ድምር ዋት |
|---|---|---|
| ሰርቨር | 3 | 930 |
| የመረጃ ማከማቻ | 1 | 420 |
| ዋና ስዊች | 2 | 170 |
| ለስልክና ለካሜራ ኃይል የሚሰጥ ስዊች | 1 | 290 |
| ራውተርና ፋየርዎል | 2 | 110 |
| የፋይበር መቀበያ | 1 | 30 |
| የካሜራ መቅረጫ | 1 | 60 |
| ድምር | | 2,010 |

ለወደፊት ዕድገት 20 በመቶ ሲታከልበት 2,412 ዋት ይሆናል፤ ይህ አንድ ሰርቨር ለመጨመር በቂ ነው። የአየር ማቀዝቀዣው በዩፒኤሱ ላይ አይገባም፣ ኮምፕረሰሩ ሲነሣ የሚስበው ኃይል ለአጭር ጊዜ ቢሆንም ከሥራ ጭነቱ ብዙ እጥፍ ስለሚሆን። በምትኩ ሙቅ አየር የሚያወጣው 90 ዋት ማራገቢያ ተካቷል፤ ማቀዝቀዣው በቆመበት ግማሽ ሰዓት የትንሽ ክፍል ሙቀት በፍጥነት ይጨምራልና ያለ እሱ ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሮቹ በሙቀት ራሳቸውን ሊዘጉ ይችላሉ። የስሌቱ ጭነት በዚህ መሠረት 2,500 ዋት ነው። የተለካው የኃይል ፋክተር 0.95 ስለሆነ 2,632 ቮልት-አምፔር ይሆናል።

የዩፒኤሱ አቅም

አዲስ አበባ ላይ የሚረሳ ነገር ከፍታ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የመሣሪያውን ሙቀት ይዞ የመውጣት ችሎታው ያንሳል፤ በቀረበው ዩፒኤስ መመሪያ መሠረትም ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር የመሣሪያው አቅም 1 በመቶ ይቀነሳል። ሕንጻችን በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ቅናሹ 14 በመቶ፣ ማባዣውም 0.86 ነው። ከዚህ ሌላ ዩፒኤሱ ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ እንዳይጫን ወስነናል።

```
S = 2632 / (0.86 x 0.80) = 3826 VA
P = 2500 / (0.86 x 0.80) = 3634 W
```

3 ኪሎ ቮልት-አምፔር የሆነው መሣሪያ በሳህኑ ላይ 2,700 ዋት ስለሚል ለ2,500 ዋት የሚበቃ ይመስላል፤ በእኛ ከፍታ ግን 2,322 ዋት ብቻ ስለሚሸከም ወድቋል። 5 ኪሎ ቮልት-አምፔሩ ያልፋል። ሆኖም የቀረቡት 5 ኪሎ ቮልት-አምፔር መሣሪያዎች የውጭ ባትሪ ሳጥን የማይቀበሉ በመሆናቸው፣ ባለ 6 ኪሎ ቮልት-አምፔር፣ 5,400 ዋት፣ ሁልጊዜ በኢንቨርተር የሚሠራ፣ የባትሪ መስመሩ 192 ቮልት የሆነ ዩፒኤስ ተመርጧል። ከከፍታ ቅናሽ በኋላ አቅሙ 4,644 ዋት፣ የሚጫንበትም 54 በመቶ ነው።

የባትሪው ስሌት

ባትሪ ላይ የሚጻፈው 9 አምፔር-ሰዓት የሚለው ቁጥር ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ፣ ማለትም በ0.45 አምፔር ሲያልቅ የሚሰጠው ነው። የእኛ ዩፒኤስ ግን ከእያንዳንዱ ረድፍ ሰባት አምፔር ገደማ ይስባል፤ እርሳስና አሲድ ያለው ባትሪ እንዲህ በፍጥነት ሲሳብ በውስጡ ያለውን ሁሉ አይሰጥም። በተጨማሪም ዩፒኤስ የሚስበው ቋሚ ኃይል እንጂ ቋሚ ከረንት አይደለም፤ ቮልቴጁ እየወረደ ሲሄድ ከረንቱ ይጨምራል። ስለዚህ ትክክለኛው መነሻ አምራቹ ለአንድ ሴል በዋት የሚሰጠው ሠንጠረዥ ነው።

ባትሪዎቹ 12 ቮልት የሆኑ የታሸጉ ናቸው፤ 16ቱ በተከታታይ ሲገናኙ 96 ሴል ይሆናሉ። ኢንቨርተሩ በባትሪ ሲሠራ ውጤታማነቱ 0.92 ነው። ባትሪ ከነባር አቅሙ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ይቀየራል፣ ያን ቀንም ቢሆን 30 ደቂቃውን መስጠት ስላለበት 1.25 ማባዣ ተወስዷል። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ክፍሉ እስከ 18 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ ለብርድ 1.08 ተይዟል። ሌላ መጠባበቂያ አልጨመርንም፤ ዕድገቱ በጭነቱ ውስጥ ስላለ በላዩ ላይ ሌላ በመቶኛ መደረብ ስሌቱን ያሳብጠዋል እንጂ አያጠነክረውም።

```
P_dc     = 2500 / 0.92        = 2717 W
P_cell   = 2717 / 96          = 28.3 W
P_design = 28.3 x 1.25 x 1.08 = 38.2 W
```

በቀረበው የ9 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ሠንጠረዥ፣ በ25 ዲግሪና በአንድ ሴል 1.75 ቮልት ማቆሚያ፣ ከአንድ ሴል የሚገኘው ኃይል የሚከተለው ነው።

| ደቂቃ | 10 | 15 | 20 | 30 | 45 | 60 |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ዋት | 45.0 | 34.0 | 28.0 | 20.5 | 14.8 | 11.6 |

አንድ ረድፍ ለ30 ደቂቃ የሚሰጠው 20.5 ዋት ስለሆነ ለ38.2 ዋት አይበቃም። ሁለት ረድፍ ጎን ለጎን ሲገናኙ እያንዳንዱ 19.1 ዋት ብቻ ይሸከማል፤ ይህ በሠንጠረዡ በ30 እና በ45 ደቂቃ መካከል ይውላል፣ ሲከፋፈልም 33 ደቂቃ ይሰጣል። ባትሪዎቹ አዲስ ሆነው በ25 ዲግሪ ሲሠሩ የእያንዳንዱ ረድፍ ድርሻ 14.15 ዋት ስለሆነ ቆይታው 48 ደቂቃ ነው። አቅራቢው ያቀረበው 76 ደቂቃ 192 ቮልት በ18 አምፔር-ሰዓት ተባዝቶ ለ2,717 ዋት ሲካፈል የሚገኘው ነው።

በእኩል ደረጃ የታየ ሌላ አማራጭ 26 አምፔር-ሰዓት የሆነ አንድ ረድፍ ነበር። ለ30 ደቂቃ ከአንድ ሴል 54 ዋት ይሰጣል፣ የባትሪውም የንድፍ ዕድሜ ከትንሹ ይረዝማል። ያልመረጥነው በአንድ ምክንያት ነው፤ በተከታታይ ከተገናኙት 16 ባትሪዎች አንዱ ውስጡ ከተቋረጠ ረድፉ በሙሉ ይሞታል፣ ይህም ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው መብራት በጠፋበት ቅጽበት ነው። በሁለት ረድፍ ግን አንዱ ቢጠፋ ቀሪው አዲስ ከሆነ 19 ደቂቃ፣ አርጅቶና ቀዝቅዞ ከሆነ ደግሞ 13 ደቂቃ ይሰጣል። ጄኔሬተሩን ለመጠበቅ አይበቃም፤ ሰርቨሮቹን በ9 ደቂቃ ለመዝጋት ግን ይበቃል፣ ስለዚህ የመዝጊያው ፕሮግራም ደቂቃ ሲቆጥር ሳይሆን ዩፒኤሱ ቀሪው ጊዜ 12 ደቂቃ ነው ባለ ጊዜ ሥራውን እንዲጀምር ይደረጋል።

ገመድ፣ ብሬከርና መሙያ

የባትሪ ገመድ በዛሬው ጭነት አይሰላም፤ ዩፒኤሱ ከከፍታ ቅናሽ በኋላ ባለው ሙሉ አቅሙ ሲሠራና ባትሪው ሊያልቅ ሲል፣ በ168 ቮልት፣ የሚያልፈው ከረንት 30 አምፔር ነው፣ አንዱ ረድፍ ከወጣም ይህ ሁሉ በሌላው ያልፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ረድፍ 32 አምፔር ብሬከርና 10 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ይገባል። መሙያው በመደበኛ ሁኔታ የባትሪ መስመሩን በ218 ቮልት ስለሚይዘው ብሬከሮቹ ቢያንስ ለ250 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት የተሠሩ መሆን አለባቸው። በገበያ በቀላሉ የሚገኘው የቤት ብሬከር ለተለዋጭ ከረንት የተሠራ ነው፤ በቀጥተኛ ከረንት ብልጭታውን ላያጠፋ ስለሚችል ከሳጥኑ እንዳይገባ።

ከ30 ደቂቃ መቋረጥ በኋላ ባትሪዎቹ 7.3 አምፔር-ሰዓት ያህል ያጣሉ። መሙያው 2 አምፔር ከሆነ፣ 15 በመቶ ኪሳራ ሲታሰብ ስሌቱ 4.2 ሰዓት ይላል፤ መጨረሻ ላይ ከረንቱ ስለሚቀንስ በተግባር 6 ሰዓት ይያዝ። በዚያ መካከል መብራት ደግሞ ከጠፋ የ33 ደቂቃው ቁጥር አይሠራም።

ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ በአስቸኳይ መሙላት ጊዜ በሚሆነው ከፍተኛ ግምት ታስቧል፤ Q የሚያስፈልገው የአየር ፍሰት፣ A የአየር ማለፊያው ስፋት፣ 192 ደግሞ እዚህ ላይ የሁለቱ ረድፎች ሴሎች ብዛት ነው።

```
Q = 0.05 x 192 x 8 x 9 x 0.001 = 0.69 m3/h
A = 28 x 0.69 = 19.3 cm2
```

ይህ ከበሩ ሥርና ከላይ ባሉት ክፍት ቦታዎች ብዙ እጥፍ የሚሸፈን ነው። የ32ቱ ባትሪዎች ክብደት 83 ኪሎ ስለሆነ የምድር ቤቱ ወለል ላይ ጥያቄ የለም። ሳጥኑ ከሰርቨሮቹ ሙቅ አየር መውጫ ፊት እንዳይቀመጥ ግን ያስፈልጋል፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

የርክክብ ፍተሻ

ርክክቡ የሚፈጸመው ባትሪዎቹ 24 ሰዓት ከተሞሉ በኋላ በ2,500 ዋት ጭነት ተሞክረው፣ ቢያንስ 43 ደቂቃ ሲሠሩ ነው፤ አዲስ ባትሪ ጥቂት ጊዜ እስኪሠራ ድረስ ሙሉ አቅሙን ስለማይሰጥ ከ48 ደቂቃው 90 በመቶ ተወስዷል። በፍተሻው መጨረሻ የእያንዳንዱ ባትሪ ቮልቴጅ ይመዘገባል፣ በሁለቱ ረድፎች የሚያልፈው ከረንትም በክላምፕ ሜትር ለየብቻ ይለካል። ፍተሻው በየዓመቱ በተመሳሳይ ጭነትና በተቀራራቢ ሙቀት ይደገማል፤ ውጤቱ ከ37 ደቂቃ ከወረደ 32ቱም ባትሪዎች በአንድ ላይ ይቀየራሉ።