ጥያቄ 4፦ ሥርዓተ ጾታ ማኅበራዊ ግንባታ ነው ሲባል ምን ማለት ነው? ከሥነ ሕይወታዊው ማብራሪያ ጋር አነጻጽር።

ጾታ የአካል ጉዳይ ነው፤ ክሮሞዞም፣ ሆርሞን፣ የመራቢያ አካል። ሥርዓተ ጾታ ግን «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ከሚለው ጀምሮ ከቤተሰብ፣ ከትምህርት ቤትና ከሚዲያ የምንማረው ነው።

ሥነ ሕይወታዊው ማብራሪያ የባህርይ ልዩነትን ከሆርሞን፣ ከአንጎልና ከዝግመተ ለውጥ ጋር ያያይዛል። ዝም ብሎ የሚጣል ሐሳብ አይደለም፤ ሆርሞን ባህርይ ላይ ተጽዕኖ አለው። ግን ሚናዎች ከዘመን ዘመን ለምን እንደሚቀያየሩ አይነግረንም። እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካ ውስጥ ኢኒያክ ለተባለው ኮምፒውተር ፕሮግራም ያዘጋጁት 6 ሴቶች ነበሩ፤ ያኔ ሥራው እንደ ጽሕፈት ሥራ ዝቅ ተደርጎ ነበር የሚታየው፣ ክብሩና ደመወዙ ከፍ ሲል ግን ቀስ በቀስ «የወንድ ሙያ» ሆነ። በነዚያ ጥቂት አሥርት ዓመታት የማንም ክሮሞዞም አልተቀየረም።