አባዬና ሶምሶማው

አባዬ በ63 ዓመቱ ሩጫ ጀመረ በቃ፣ ሐኪሙ ስኳርህ ከፍ ብሏል ተንቀሳቀስ ስላለው። ሱብሂ ሰግዶ ከሸዋ በር ወደ ፒያሳ፣ ባጃጁና ተሸካሚው መንገዱን ሳይሞላው ማለት ነው፣ ደሴ ደግሞ ታውቋታላችሁ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት። መጀመሪያ ቀን የዳቦ ቤቷ ልጅ "ጋሼ ማን እያባረረዎት ነው?" ብላ ሳቀች፣ እማዬም "ጎረቤት ምን ይላል" እያለች አፈረች። በሶስተኛው ወር ግን ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ፣ ማንኮራፋቱንም ተወ (ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤት ሳይቀር አልሃምዱሊላህ ብሏል)። ትናንት ገና ሳይነጋ ኮቴ ሰምቼ ብወጣ እማዬ ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ አስራ የኔን ስኒከር ተጫምታ በር ላይ ቆማለች። "ዝም በይ" አለችኝ፣ "አባትሽ ከመስጊድ ሳይወጣ ዳገቱን ልጀምረው፣ ኋላ ይደርስብኛል።"